ስሙን እስኪናገር፦ የጎንደር ዛርና የወይዘሮ መልካም አያሁ ቤት

እ.ኤ.አ. በ1932 ክረምት፣ አፍሪካን ከዳካር እስከ ጅቡቲ የሚያቋርጥ የፈረንሳይ የጥናት ቡድን ጎንደር ገብቶ ሰፈረ። የቡድኑ ጸሐፊ ሚሼል ሌሪስ ከአስተርጓሚው ከአባ ጀሮም ገብረ ሙሴ ጋር ሆኖ ወይዘሮ መልካም አያሁ ከሚባሉ ስመ ጥር ባለዛር ቤት ሲመላለስ ከረመ። በዚያ ያየውንና የሰማውን በ1958 መጽሐፍ አድርጎ አሳተመው።

ሰው ዛርን ከሰይጣን ጋር ሲደባልቀው እንሰማለን። ቤተ ክርስቲያንም እንደ ርኩስ መንፈስ ታወግዘዋለች፤ በጠበልና በጸሎት ይወጣል ትላለች። በባለዛሮቹ ቤት ያለው እምነት ግን ሌላ ነው። በአፈ ታሪካቸው ሔዋን ሠላሳ ልጆች ነበሯት፤ ውብ የሆኑትን ዐሥራ አምስቱን ከፈጣሪ ብትደብቃቸው እንደተሰወሩ ቀሩ፤ እነሱ ዛሮች ሆኑ። ስለዚህ ዛር ዘመድ ነው፤ ዘመድ ደግሞ ይታረቁታል እንጂ አያባርሩትም።

ዕርቁ የሚጀምረው ስም በማስጠራት ነው። ሕመሟ ያልታወቀላት ሴት ትመጣለች፤ ዕጣን ይጨሳል፣ ቡና ይፈላል፣ ከበሮና ጭብጨባው ይደምቃል። ባለዛሯ የራሳቸው ዛር ሲሰፍርባቸው በሕመምተኛዋ ላይ ያለውን ይጠይቁታል። እሱም ፈረሱን፣ ማለትም ሴቲቱን፣ ያስጓራታል፤ አንገቷና ትከሻዋ ይናጣል። እያንዳንዱ ዛር የራሱ አጓጓር ስላለው ነባሮቹ በጥንቃቄ ያዩታል፤ የተጠራው ስምና አጓጓሩ ካልገጠሙ አታላይ መንፈስ ነው ብለው ይጠረጥራሉ፤ ጥያቄው እንደገና ይጀመራል። ስሙ ሲታወቅ ዛሩ ፍላጎቱን ይናገራል፦ ጌጥ፣ ልብስ፣ መልኩ የተለየ ዶሮ ወይም በግ። ደሙ ከፈሰሰ በኋላም ውሉ የዕድሜ ልክ ነው፤ ግብሩ ከተቋረጠ ሕመሙ ይመለሳል ይባላል።

መልካም አያሁ ራሳቸው በብዙ ዛሮች የሚጋለቡ ነበሩ። አባ ዮሴፍ እንደ ካህን ይባርካል፤ አባ ሞራስ ወርቄ ጦረኛ ነው፤ ጫንቂት ደግሞ አገልጋይ ናት። እንደ ጉዳዩ አንዱ ይሄዳል፣ ሌላው ይመጣል። ሌሪስ ይህን «የሚኖሩት ቲያትር» ሲል ገለጸው። ከማስመሰል አልቆጠረውም፤ በእምነትና በትወና መካከል ያለውን ድንበር ለመለየት ግን እስከ መጨረሻው ተቸግሯል። እኔም መከራከሪያው እዚህ ድንበር ላይ መሆኑ ትክክል ይመስለኛል፤ በባለዛሮቹ ማኅበር ዘንድ ዛሩ በሰፈረበት ጊዜ የተነገረው ቃል የሴቲቱ አይደለምና አትጠየቅበትም። ባሏን ፊት ለፊት ልትለው የማትደፍረውን ዛሯ ይለዋል፤ ባልም ልብሱን ይገዛል።

አንትሮፖሎጂስቱ ሳይመን መሲንግ በ1958 ባሳተመው ጥናት በዛር ማኅበር ውስጥ የቡድን ሕክምና አይቷል፤ ብቻዋን የነበረች ሴት ማኅበርና ማዕረግ ታገኛለች። ግን ያስከፍላል። ድሃዋ ሕመምተኛ የዛሩን ግብር ማሟላት ሲያቅታት በባለዛሯ ቤት በጉልበቷ ታገለግላለች፤ አንዳንዷም በዚያው ትቀራለች።