«ተሣለ» እና «ተሳለ»፦ በሞክሼ ሆሄያት ላይ የቃለ ጽሕፈት ዝርዝር አዘገጃጀት

ሀ፣ ሐ እና ኀ፤ ሠ እና ሰ፤ አ እና ዐ፤ ጸ እና ፀ በጥንቱ ግእዝ የየራሳቸው ድምፅ ነበራቸው። በአማርኛ ጆሮ አይለያቸውም። ቃለ ጽሕፈት ደግሞ በጆሮ የሚሰጥ ፈተና ነው። ስለዚህ ለዝርዝሩ የሚመረጠው ቃል፣ የግእዝ ሥሩ አንድን ሆሄ የሚያጸናለትና በዐረፍተ ነገር ሲገባ ትርጉሙ የማያሻማ መሆን አለበት።

በአርዲቦ ሐይቅ ዙሪያ ላለ ትምህርት ቤት ዝርዝር እናዘጋጅ። «ሐይቅ» ያለ ክርክር ይገባል፤ በግእዝም በሐ ነው፤ ልጆቹም የጎረቤታቸውን ከተማ ስም በሰሌዳ ላይ ያዩታል። «ውሃ» ግን ይቅር። የግእዙ ቃል «ማይ» ስለሆነ ሥሩ አይዳኘንም፤ «ውሃ»ም «ውኃ»ም በኅትመት ይገኛሉ። የአርዲቦም ስም እንዲሁ ነው፤ «ሐርዲቦ» የሚሉት አሉና በሆሄው ነጥብ መቀነስ አይገባም።

ከሁሉ የሚያስተምረው «ሳለ» ነው። ሥዕል የሠራው «ሣለ» የመጣው ከሠዐለ ነው። ጉሮሮው የከረከረው ሰው «ሳለ» ከሰዐለ፣ ቢላ የሞረደው «ሳለ» ከሰሐለ፣ ስእለት የገባው «ተሳለ» ደግሞ ከሰአለ፣ ማለትም ከለመነ ነው። የጉሮሮ ሆሄያቱ ሲዋጡ አራቱም በአንድ ድምፅ ቀሩ፤ በሠ የሚጻፈው የሥዕሉ ብቻ ነው። መምህሩ «ተሳለ» ብሎ ቃሉን ብቻ ቢያነብ ተማሪው የሚገምተው እንጂ የሚያውቀው የለም። «ቅዱስ እስጢፋኖስ በግድግዳው ላይ ተሣለ» እና «ገበሬው ለእስጢፋኖስ ተሳለ» ሲል ግን መልሱ አንድ ይሆናል። የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ጎረቤት ለሆነ ልጅ ሁለቱም ዐረፍተ ነገሮች እንግዳ አይደሉም።

መዝገበ ቃላት ማየት ግድ ነው፤ ሆኖም መዝገቡ የየትኛው ቋንቋ እንደሆነ ይለይ። የኪዳነ ወልድ ክፍሌ የግእዝ መዝገበ ቃላት በርእሱ «ሐዲስ» ይላል፤ በ1962 ዓ.ም. የታተመው የደስታ ተክለ ወልድ የአማርኛ መዝገብ ግን «ዐዲስ» ብሎ ይጀምራል። አማርኛ የሐን ድምፅ ጥሎታል፤ ደስታ የጉሮሮውን ፍለጋ በዐ አቆዩት። በየጋዜጣው የምናነበው «አዲስ» ነው። ይህን ቃል ለፈተና ማቅረብ ሕፃኑን በሊቃውንት ክርክር መቅጣት ነው። «ሐዘን»ም ከዚህ አይርቅም፤ ሥሩ ሐዘነ ቢሆንም «ኀዘን» በሰፊው ተለምዷል።

እርማቱ ሁለት ዓምድ ይኑረው፤ አንዱ ለድምፅ፣ አንዱ ለሆሄ። «ሥዕል»ን «ስእል» ብሎ የጻፈ ልጅ በትክክል ሰምቷል፤ የጎደለው የሥሩ ዕውቀት ነው። «ሥል» ብሎ የጻፈው ግን ፊደል ውጧል። ለሁለቱ እኩል ነጥብ የሚቀንስ መምህር የትኛውን ልጅ ምን እንደሚያስተምር ከእርማቱ ሊያውቅ አይችልም።