ክኒኑ ሲቆም፦ የወር አበባ መዘግየት ከየት ይቆጠራል?

የእርግዝና መከላከያ ክኒን የምትወስድ ሴት በየወሩ የምታየው ደም እውነተኛ የወር አበባ አይደለም። በአገራችን በተለመደው ባለ 28 ፍሬ እሽግ ውስጥ ሆርሞን ያላቸው 21ዱ ብቻ ናቸው፤ የቀሩት 7 ቡናማ ክኒኖች ብረት ናቸው። ቡናማዎቹ ላይ ስትደርስ ሆርሞኑ ይቋረጣል፣ የማህፀን ልባስም ይረግፋል። ደሙ ይኸው ነው፤ እንቁላል አልወጣም።

ስለዚህ ክኒኑ በቆመ በሁለትና በሦስት ቀን የሚመጣው ደም የመጨረሻው የክኒን ደም እንጂ የመጀመሪያው የወር አበባ አይደለም። ከዚያ በኋላ አንጎል ለኦቫሪ የሚልከውን ትእዛዝ እንደገና ይጀምራል። እንቁላል ጎልምሶ ለመውጣት ብዙውን ጊዜ ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ ይፈጅበታል፤ የወር አበባው የሚመጣው ደግሞ እንቁላሉ ከወጣ ሌላ ሁለት ሳምንት ያህል ቆይቶ ነው። ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት መጠበቅ እንግዲህ መዘግየት አይባልም። እ.ኤ.አ. በ2008 በታተመ አንድ ጥናት፣ ያለ እረፍት በየቀኑ ሆርሞን ሲወስዱ ከቆዩ 187 ሴቶች 98.9 በመቶዎቹ በ90 ቀን ውስጥ ወይ የወር አበባ አይተዋል ወይ አርግዘዋል። የግማሾቹ በ32 ቀን ውስጥ ተመልሷል።

«መከላከያ ካቆምኩ ዓመት ሊሞላኝ ነው፣ አላየሁም» የምትል ሴት ብትመጣ ታዲያ መጀመሪያ የሚጠየቀው የትኛውን መከላከያ እንደነበር ነው። በሦስት ወር አንዴ የሚወሰደው መርፌ መድኃኒቱን በጡንቻ ውስጥ ስለሚያከማች፣ የመውለድ አቅም ከመጨረሻው መርፌ በኋላ ለመመለስ በአማካይ ከ9 እስከ 10 ወር ይወስድበታል። የመርፌው መዘግየት በክኒኑ ስም ሲወራ መስማት የተለመደ ነው።

ክኒን አቁማ የወር አበባ ሳታይ ሦስት ወር ያለፋት ግን መመርመር አለባት። በምሳሌ እንየው። የ27 ዓመት ሴት ስድስት ዓመት ወስዳ አቆመች፤ በሦስተኛው ቀን ደም አየች፣ ከዚያ እስከ መቶኛው ቀን ምንም የለም። የመጀመሪያው ምርመራ የእርግዝና ነው፤ እንቁላል የሚወጣው ከወር አበባው በፊት ስለሆነ አንድም ጊዜ ሳታይ ልታረግዝ ትችላለች። እርግዝና ካልሆነ ታይሮይድ፣ ፕሮላክቲንና ኤፍ ኤስ ኤች በደም ይታያሉ፤ ክብደት ቀንሳ እንደሆነም ትጠየቃለች።

ከሁሉ በላይ የሚጠቅመው ጥያቄ ግን የቆየው ነው፦ ክኒኑን ሳትጀምሪ በፊት በስንት ቀን ይመጣ ነበር? «አንዳንዴ በ45፣ አንዳንዴ በ60 ቀን፤ ለዚያ ብለው ነው የሰጡኝ» ካለች፣ አገጯ ላይም ጠጉር ከበዛ፣ ሐኪሟ የፖሊሲስቲክ ኦቫሪን መጠርጠሩ ተገቢ ነው። ክኒኑ ችግሩን አላመጣም፤ ስድስት ዓመት ሙሉ በየ28 ቀኑ ደም እያሳየ ሸፍኖት ነበር።