ፑሽ አፕ፦ ቁጥሩ አልጨምር ሲል ምን ይደረጋል?

ፑሽ አፕ የጀመረ ሰው በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ቶሎ ይሻሻላል። ከዚያ በኋላ ግን ቁጥሩ 15 ወይም 20 ላይ ሲደርስ ለወራት ባለበት ሊቆም ይችላል። ብዙዎች በዚህ ጊዜ በየቀኑ አብዝተው ለመሥራት ይሞክራሉ፤ ይህ ግን ትከሻን ለሕመም ሊዳርግ ይችላል። የተሻለው መንገድ ቁጥሩን ለጊዜው ቀንሶ፣ ሰውነት የሚያቅተውን ቦታ ለይቶ ማጠንከር ነው።

ቁጥሩ ለምን ይቆማል?

ፑሽ አፕ ሲሠሩ እጆችዎ ከሰውነትዎ ክብደት ሁለት ሦስተኛ ያህሉን ይሸከማሉ። ደረት ወደ መሬት ሲቀርብ ሸክሙ ይጨምራል፤ ስለዚህ አብዛኛው ሰው የሚያቅተው ታች ላይ ነው። ሲደክመን ደግሞ ሳናውቀው በፍጥነት ወርደን እንደ ኳስ ነጥረን እንነሳለን፣ ወይም ግማሽ መንገድ ላይ እንመለሳለን። በሁለቱም መንገድ ጡንቻው በጣም በሚከብደው ቦታ ላይ ሳይሠራ ይቀራል። ጡንቻ ይበልጥ የሚጠነክረው ግን በሠራበት ቦታ ነው።

መጀመሪያ ራስዎን ይፈትሹ

ጡጫ የሚያህል የተጠቀለለ ፎጣ ከደረትዎ ሥር ያድርጉ። ደረትዎ ፎጣውን ነክቶ፣ ክንድዎ ሙሉ በሙሉ እስኪዘረጋ የተነሱበትን ብቻ ይቁጠሩ። ከቤተሰብ አንድ ሰው ቢቆጥርልዎ ይመረጣል።

ለምሳሌ ገፈርሳ የሚኖር፣ ጤነኛ የሆነ የ31 ዓመት ሰው እናስብ። በየጠዋቱ 20 ፑሽ አፕ ይሠራል፤ ለሁለት ወር ግን አንድም አልጨመረም። በፎጣው ሲፈተሽ ትክክለኛ ሆነው የተገኙት 12 ብቻ ናቸው። መነሻው እንግዲህ 12 ነው። ከዚህ በኋላ በሳምንት ሦስት ቀን፣ ለምሳሌ ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ ይሠራል።

1ኛና 2ኛ ሳምንት፦ ዝግ ብሎ መውረድ

በልቡ እስከ ሦስት እየቆጠረ ይወርዳል፤ በአንድ ሰከንድ ይነሳል። በአንድ ዙር 6 ጊዜ፣ በጠቅላላው 4 ዙር ይሠራል። ዝግ ብሎ ሲወርድ ጡንቻው ሸክሙን ረዘም ላለ ጊዜ ይይዛል፤ መንጠሩም ይቀራል። ቆጠራው ወደ መጨረሻ ላይ ከፈጠነ ዙሩን እዚያው ያቁም።

3ኛና 4ኛ ሳምንት፦ ታች ላይ ቆም ማለት

ደረቱ ፎጣውን ሲነካ ሁለት ሰከንድ ይቆማል፣ ከዚያ ይነሳል። 5 ጊዜ፣ 4 ዙር ይበቃል። ፎጣው ላይ መተኛት የለበትም፤ ክብደቱን የሚይዙት እጆቹ ናቸው። ወገቡ ወደ መሬት ከጎበጠ ዙሩ አልቋል ማለት ነው።

ቆም በሚሉበት ጊዜ ትንፋሽ አይያዙ፤ ትንፋሽን ይዞ መግፋት የደም ግፊትን በቅጽበት ከፍ ያደርጋል። ሲወርዱ ያስገቡ፣ ሲነሱ ያውጡ።

5ኛና 6ኛ ሳምንት፦ ግማሽ እንቅስቃሴ

በየዙሩ 5 ሙሉ ፑሽ አፕ ከሠራ በኋላ፣ ከታች እስከ ግማሽ ብቻ እየተነሳና እየተመለሰ 3 ወይም 4 ይጨምራል። በጠቅላላው 3 ዙር ይሠራል። ግማሹ የታችኛው መሆኑ ወሳኝ ነው። ከላይኛው ግማሽ ብቻ ቢሠራ ቀድሞም የማይቸግረውን ክፍል እየደጋገመ ነው። ግማሹ የሙሉው ማሟያ እንጂ ምትክ አይደለም።

በዙሮች መካከል ሁለት ደቂቃ ይረፉ። ገፈርሳ ከባሕር ወለል በላይ 2,600 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች፣ በቅርቡ ከቆላ የመጣ ሰው ትንፋሹ እስኪመለስ ሦስት ደቂቃ ሊያስፈልገው ይችላል።

ከስድስቱ ሳምንታት በኋላ ሦስት ቀን አርፎ በዚያው ፎጣ ይፈተሻል። ከ12 ወደ 15 ቢደርስ እውነተኛ ለውጥ ነው። ምንም ካልጨመረ እንቅልፉን፣ ምግቡንና የዕረፍት ቀኖቹን ይመልከት።

መቼ ማቆም፣ መቼ ሐኪም ማየት ያስፈልጋል?

ዝግ ብሎ መውረድ ከተለመደው ይበልጥ ጡንቻን ያሳምማል። በሁለቱም በኩል የሚሰማና በሦስት ቀን ገደማ የሚቀንስ ሕመም የተለመደ ነው። ትከሻ ውስጥ እንደ መውጋት የሚሰማ ወይም ሌሊት የሚቀሰቅስ ሕመም ግን ጡንቻ ከመዛል ያለፈ ነገር ሊሆን ስለሚችል፣ ልምምዱን አቁመው ይመርመሩ። ክርንዎን ወደ ጎን እንደ ክንፍ ከመክፈት ይልቅ ወደ ሰውነትዎ ጠጋ ማድረግ ትከሻን ያሳርፋል።

የደም ግፊት ወይም የልብ ሕመም ያለበት ሰው ከመጀመሩ በፊት ሐኪሙን ያማክር።

ከሚከተሉት አንዱ ከታየ ሳይዘገዩ ወደ ሕክምና ተቋም ይሂዱ፦

- ደረትን የሚያስጨንቅ፣ ወደ ክንድ ወይም መንጋጋ የሚሄድ፣ ወይም ላብ የሚያጠምቅ ሕመም
- ራስን መሳት
- ልምምድ በተሠራ በቀናት ውስጥ ሽንት እንደ ጥቁር ሻይ መሆን ወይም ክንድ ማበጥና አልታጠፍ ማለት፤ ይህ የተጎዳ ጡንቻ ኩላሊትን እየጎዳ መሆኑን ሊያመለክት ይችላል