ጽንስ ከጨነገፈ ወይም ሕፃን ሞቶ ከተወለደ በኋላ ወደ ግንኙነት መመለስ

ጽንስ ከጨነገፈ ወይም ልጅ ሞቶ ከተወለደ በኋላ ባልና ሚስት የሚራራቁት ፍቅራቸው ስለቀነሰ ላይሆን ይችላል። ብዙ ጊዜ ምክንያቱ የሐዘናቸው መለያየት ነው። አንዱ መጽናናትን በመተቃቀፍና በግንኙነት ይፈልጋል፤ ለሌላው ደግሞ ያው ንክኪ ያጣውን ልጅ ያስታውሰዋል።

በክሊኒክ ያየኋቸው ባልና ሚስት ልጃቸውን ያጡት በስምንተኛው ወር ነበር። እሷ ገና ሆስፒታል ተኝታ ሳለች ሕፃኑን የቀበረው ባል ነው። በሳምንቱ ሥራ ገባ፤ ስለ ልጁም ምንም አላነሳም። እሷ «ረሳው» ብላ አሰበች። በሁለተኛው ወር ሊያቅፋት ሲል ገፋችው፤ እሱም «ጠላችኝ» ብሎ ወሰደው። ለየብቻ ሳነጋግራቸው ግን ዝም ያለው እንዳያስለቅሳት ፈርቶ ነበር። እሷም የፈራችው እቅፉን ሳይሆን እንደገና ማርገዝን ነበር።

መጀመሪያ ያደረጉት ነገር ስለ ቀብሩ መነጋገር ነው፤ ሕፃኑ የት እንደተቀበረና ማን እንደነበረ ነገራት። ቀጥሎ ለአራት ሳምንት ግብረ ሥጋ ግንኙነት እንዳይኖር ተስማሙ። እጅ መያያዝና ተቃቅፎ መተኛት ግን ይቀጥላል፤ አንዳቸው «ይበቃኛል» ካሉ ሌላው አይቀየምም። እቅፍ ወደ ግንኙነት እንደማያመራ አስቀድማ ስላወቀች መሸሽ አቆመች። እስክትዘጋጅም የወሊድ መቆጣጠሪያ መረጡ።

ይህ የመጨረሻው እርምጃ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። ጽንስ በመጀመሪያዎቹ ወራት ከጨነገፈ በኋላ በሁለት ሳምንት ውስጥ፣ የወር አበባ ሳይመጣም ማርገዝ ይቻላል። ስለዚህ ፍርሃቱ መሠረት አለው፤ ማባበል ብቻ አይፈታውም።

ሰውነትም ጊዜ ይፈልጋል። ጽንስ ከጨነገፈ ደሙ እስኪቆምና ሕመሙ እስኪጠፋ ድረስ ጠብቁ። በወሊድ ከሆነ፣ በተለይ ስፌት ካለ፣ ከወሊድ በኋላ ስድስት ሳምንት አካባቢ የሚደረገውን ምርመራ መጠበቅ ይሻላል። ልጅ ሞቶ ሲወለድም በጥቂት ቀናት ውስጥ ጡት ወተት ይሞላል። ለእናትየው ከሕመሙ በላይ የሚከብደው ይህ ሊሆን ስለሚችል፣ ባል አስቀድሞ ቢያውቀው ጥሩ ነው። ግንኙነት ስትጀምሩ ድርቀት ወይም ማልቀስ ሊኖር ይችላል። ያኔ አቁሙ፤ ሌላ ቀን አለ።

ትኩሳት፣ መጥፎ ሽታ ያለው ፈሳሽ፣ እየባሰ የሚሄድ የሆድ ሕመም፣ ወይም በአንድ ሰዓት ሁለት ሞዴስ የሚያርስ ደም ከታየ ሳትዘገዩ ወደ ጤና ተቋም ሂዱ። ከሁለት ሳምንት በላይ እንቅልፍና ምግብ እንቢ ካለ፣ ወይም መሞትን የመመኘት ሐሳብ ከመጣም እንዲሁ። ባልም ይህ ሊደርስበት ይችላል፤ አንዳንዴ የሚገለጠው በቁጣ ወይም በመጠጥ ስለሆነ ሐዘን መሆኑን ማንም አያውቅለትም። ሐኪም ዘንድ ስትሄዱ እሱም አብሮ ይግባ።