የአእምሮ ሕመምና የወንጀል ኃላፊነት

በኢትዮጵያ የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 48 መሠረት የሕመሙ ስም ብቻውን ማንንም ከተጠያቂነት ነጻ አያወጣም። ወሳኙ ነገር ድርጊቱ በተፈጸመበት ጊዜ የነበረው ሁኔታ ነው፤ ሰውየው የድርጊቱን ምንነት ወይም ውጤት መረዳት፣ ወይም በመረዳቱ ልክ ራሱን መግዛት ተስኖት ነበር ወይ? ችሎታው በከፊል ብቻ ከተቀነሰ አንቀጽ 49 ቅጣቱን ያቀልለታል።

በበደሳ ጎረቤቱን ያቆሰለ ተከሳሽ «ድምፅ አዞኝ ነው» አለ እንበል። ፍርድ ቤቱ ከተጠራጠረ በአንቀጽ 51 መሠረት የባለሙያ ምርመራ ያዛል። ለዚህ ሥራ የታወቀው የአማኑኤል ሆስፒታል አዲስ አበባ ነው፤ ከበደሳ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። ሐኪሙ ዛሬ የሚያየው ምናልባት በመድኃኒት የተረጋጋ ሰው ነው፤ ስለዚህ ያኔ አብረውት የነበሩ ሰዎች ቃል ይመዝናል። ዳኛው በተረጋገጠው የሕክምና ግኝት ይገደዳል፤ ኃላፊነትን የሚወስነው ግን ራሱ ነው። ኃላፊ ካልሆነ አይቀጣም፣ ሆኖም ለሕክምና ወይም ለጥበቃ ሊያዝ ይችላል።

ዛሬ ክሱን ተረድቶ መከላከል መቻሉ ሌላ ጥያቄ ነው። ድርጊቱን በጤናው የፈጸመ ሰው ችሎት ሲቀርብ ታሞ ሊሆን ይችላል። የ1954ቱ የሥነ ሥርዓት ሕግ ለዚህ ራሱን የቻለ ዝርዝር አላበጀም፤ ትልቅ ጉድለት ነው።