ሌጋቶ

ሌጋቶ ከጣሊያንኛ የመጣ የሙዚቃ ቃል ነው፤ «የታሰረ» ማለት ነው። ፒያኖ ላይ አንዱ ድምፅ የሚለቀቀው ቀጣዩ ሲጀምር ነው፤ በመሃል ዝምታ የለም። ብዙውን ጊዜ የሚበጠሰው አውራ ጣት ላይ ነው።

ሜጀር ትዝታን በቀኝ እጅ ከዶ ተነስተን እንውጣ። ዶን በአውራ ጣት፣ ሬን በሌባ ጣት፣ ሚን በመሃል ጣት እንጫናለን። ከዚያ አውራ ጣት በመሃል ጣት ሥር አልፎ ሶልን ይይዛል፤ ላ ለሌባ ጣት፣ የላይኛው ዶ ለቀለበት ጣት ይደርሳል። በተለመደው የዶ ሜጀር ስኬል አውራ ጣት የሚያርፈው ፋ ላይ ነው፤ ትዝታ ግን ፋ ስለሌለው መንገዱ በአንድ ነጭ ቁልፍ ይረዝማል። ስለዚህ ሚ እስኪመታ መጠበቅ አይበጅም፤ አውራ ጣት ዶን እንደለቀቀ፣ ገና ሬ ሲሰማ ጉዞውን ይጀምር። ከዘገየ ክርን ወደ ውጭ ይወጣል፣ ሚ ያለጊዜው ይለቀቃል፣ ሶል ይጮኻል።

መርካቶ ኪቦርድ የምትገዙ ከሆነ፣ ከመክፈላችሁ በፊት አንዱን ቁልፍ ቀስ ብላችሁም አጥብቃችሁም ምቱት። የድምፁ ጉልበት ካልተለወጠ ያ ኪቦርድ የአውራ ጣትን ጩኸት አይነግራችሁም፤ ክፍተቱን ብቻ ነው የሚያሰማችሁ። ስትለማመዱም ፔዳሉን አትርገጡ፤ ክፍተቱንም ይሸፍነዋል።