ኒውራል ኔትወርክ ያልረታው ሠንጠረዥ

እ.ኤ.አ. በ2012 አሌክስኔት የተባለው ኒውራል ኔትወርክ በምስል መለየት ውድድር ተቀናቃኞቹን በሰፊ ልዩነት ጥሎ አለፈ። ከዚያ ወዲህ በምስል፣ በድምፅና በጽሑፍ ሥራ የቀድሞዎቹ ዘዴዎች አንድ በአንድ ቦታቸውን ለቀቁ። ብዙዎች ቀጣዩ ተራ የሠንጠረዥ ነው ብለው ጠበቁ፤ ባንክ ስለ ተበዳሪዎቹ፣ ሆስፒታል ስለ ታካሚዎቹ በረድፍና በዓምድ የሚይዘው መረጃ ማለት ነው። ሠንጠረዡ ግን እጅ አልሰጠም።

እጅ ያላሰጠው ጀሮም ፍሪድማን የተባሉ የስታንፎርድ የስታቲስቲክስ ሊቅ በ2001 ያሳተሙት ግራዲየንት ቡስቲንግ የተባለ ዘዴ ነው። አሠራሩ ቀላል ነው። የቤት ዋጋ መገመት ቢያስፈልግ መነሻው የሁሉም ቤቶች አማካይ ነው፤ 100 ሺህ እንበል። የአንዱ ቤት እውነተኛ ዋጋ 150 ሺህ ከሆነ ስህተቱ 50 ሺህ ነው። አንዲት ትንሽ የውሳኔ ዛፍ “ክፍሎቹ ከ3 ይበልጣሉ?” ዓይነት ጥያቄ እየጠየቀች ዋጋውን ሳይሆን ስህተቱን ትገምታለች። 40 ሺህ ብላ ብትገምት ከዚያ ላይ አንድ አሥረኛው ብቻ ይወሰድና ግምቱ 104 ሺህ ይሆናል። ቀጣዩዋ ዛፍ የቀረውን 46 ሺህ ታያለች። በዚህ መንገድ በመቶዎች የሚቆጠሩ ዛፎች የቀዳሚዎቻቸውን ስህተት በጥቂት በጥቂቱ ያርማሉ።

በ2016 የዚህ ዘዴ ፈጣን ቅጂ የሆነው ኤክስጂቡስት ሠሪዎች አንድ ቆጠራ አቀረቡ። በ2015 በካግል የውድድር መድረክ ብሎግ ላይ ከታተሙት 29 አሸናፊ ሥራዎች 17ቱ ኤክስጂቡስትን ተጠቅመዋል፤ ጥልቅ ኒውራል ኔትወርክን የተጠቀሙት 11 ነበሩ።

ለምን እንዲህ ሆነ? ግልጽ መልስ የሰጠው በ2022 የቀረበው የግሪንስታይን፣ የኦያሎንና የቫሮኮ ጥናት ነው። ተመራማሪዎቹ 45 ሠንጠረዦች ሰብስበው፣ የሥልጠናውን መጠን በ10,000 ረድፍ ወስነው ሁለቱን አወዳደሩ። ዛፎቹ በለጡ። ከዚያ አንድ ብልህ ሙከራ አደረጉ፤ ዓምዶቹን ቀላቀሏቸው። “ዕድሜ” እና “ገቢ” ለየብቻ በመቆም ፈንታ እያንዳንዱ አዲስ ዓምድ የሁሉም ድብልቅ ሆነ። መረጃው አልጠፋም፤ ነገር ግን ደረጃው ተገለበጠ፤ ኒውራል ኔትወርኮቹ በለጡ።

ምሥጢሩ እዚህ ላይ ነው። ዛፍ በአንድ ጊዜ አንድ ዓምድ ብቻ ይጠይቃል፤ የማይጠቅመውን ዓምድ ሳይነካው ያልፋል። “ገቢ” ብሎ ዓምድ የከፈተው ሰው ነገሩ ለብቻው ትርጉም እንዳለው አስቀድሞ ወስኗል፤ ዛፉም ያንን ውሳኔ ይወርሳል። ተራ ኒውራል ኔትወርክ ግን የመጀመሪያ ሥራው ዓምዶችን መቀላቀል ነው። የቱ እንደሚጠቅም፣ የቱ እንደማይጠቅም ከባዶ ይማራል። ሚሊዮን ምስል ላለው ይህ አይከብድም፤ 3,000 ረድፍ ላለው ግን ውድ ነው።

ሆኖም በትንሽ ሠንጠረዥ ላይ ድል ማወጅ አደገኛ ነው። ከ3,000 ተበዳሪዎች 600ው ለፈተና ቢቀሩና ዛፎቹ 528ቱን፣ ኔትወርኩ 522ቱን በትክክል ቢለዩ፣ 88 ከመቶ 87ን በለጠ ይባላል። ልዩነቱ ግን ስድስት ሰው ነው። ሌላ 600 ሰው ቢመረጥ የአንዱ ዘዴ ውጤት ብቻውን በስምንት ሰው ገደማ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ሊል ይችላል። ስለዚህ ሠንጠረዡን አምስት ቦታ ከፍሎ እያንዳንዱን ክፍል በተራ መፈተኛ ማድረግ፣ ሁለቱንም በአንድ ዓይነት ክፍፍል መመዘንና ለሁለቱም እኩል የማስተካከያ ጊዜ መስጠት ያስፈልጋል። ሽዋርትስ ዚቭና አርሞን የተባሉ ተመራማሪዎች ለሠንጠረዥ የተሠሩ አራት አዳዲስ ኔትወርኮችን ሲፈትኑ ያዩት ለዚህ ማስጠንቀቂያ ነው፤ እያንዳንዱ ፈጣሪዎቹ በመረጡለት ሠንጠረዥ ላይ ይደምቃል፣ ከዚያ ሲወጣ ግን በአብዛኛው በኤክስጂቡስት ይበለጣል።

ታሪኩ በዚህ አላበቃም። በጥር 2025 የፍራይቡርግ ተመራማሪዎች ታብፒኤፍኤን የተባለ ኔትወርካቸውን በኔቸር መጽሔት አቀረቡ። ይህ ኔትወርክ ከተጠቃሚው ጥቂት ረድፎች ከባዶ አይማርም፤ በኮምፒውተር በተፈጠሩ በሚሊዮኖች የሚቆጠሩ ሠንጠረዦች ላይ ቀድሞ ሠልጥኗል። እስከ 10,000 ረድፍ ባላቸው ሠንጠረዦች ላይ በደንብ የተስተካከሉ ዛፎችን በአማካይ መብለጡን ሠሪዎቹ አሳይተዋል።

ይህ ግን የ2012ቱ ትንቢት መፈጸም አይደለም። ያን ጊዜ የተባለው ኔትወርክ ሁሉን ነገር ከመረጃው ራሱ ይማራል ነበር። በትንሹ ሠንጠረዥ ላይ ማሸነፍ የጀመረው ግን ሠንጠረዥ ምን እንደሚመስል አስቀድሞ ሲነገረው ነው። ዛፎቹ ያንን ከጅምሩ ያውቁት ነበር።